አራት ኪሎ ላሉት ጋሼ፣ ስለ ፎጣዋ አመሰግናለሁ

ሰላም ጓደኞቼ። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። እግረ መንገዴን ደግሞ ኬትልቤል ሞክራችሁ፣ ወገባችሁን ይዛችሁ "ሁለተኛ አልነካም" ላላችሁ ሁሉ ልጠቁማችሁ። ኬትልቤል ያቺ ጆሮ ያላት የብረት ኳስ ናት። ስዊንግ የሚባለው እንቅስቃሴ ደግሞ በሁለት እጅ ይዛችሁ በእግራችሁ መሃል ወደ ኋላ ከሰደዳችኋት በኋላ እስከ ደረት የምትወረውሯት ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ሌላ ሰፈር ያለ ጂም ተመዝግቤ ነበር። ስሙን ተዉት። የሦስት ወር ከፍዬ ሦስት ሳምንት ሄድኩ። አሰልጣኙ አንዴ አሳየኝና ከዚያ በኋላ ስልኩን እያየ "ደረት! ወገብ! ጉልበት! እጅ! ተንፍሺ እንጂ!" ይላል። ደረቴን ሳስተካክል ጉልበቴ ይጠፋብኛል፣ ጉልበቴን ስይዝ መተንፈስ እረሳለሁ። 4 ኪሎ ብረት አንስቼ ማታ ትከሻዬን ቅባት የምቀባ ሰው ሆንኩ። በመጨረሻ ሰው ፊት "አንቺ ቅንጅት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም" አለኝ። ከጎኔ ያሉት ሳቁ። ብሬን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ፤ ብጠይቅም አይመልሱም፣ ደረሰኙ ላይ በደቃቁ ተጽፏል።

ከዚያ ስድስት ወር ምንም አልሠራሁም። ያ ቃል ውስጤ ቀረ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። አራት ኪሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ክፍል። መስታወት የለም፣ ሙዚቃ የለም። ገና ስገባ "ጋሼ፣ እኔ ቅንጅት የለኝም" አልኳቸው። እሳቸውም "መኪና ትነጃለሽ?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "መጀመሪያ ቀን ፍሪሲዮን ስትለቂ ምን ሆነ?"

ምን ይሆናል! ቸርችል ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፍታብኛለች። ከኋላ የነበረው ታክሲ ጥሩምባውን አልለቀቀም፣ እኔም እግሬን፣ እጄን፣ አንገቴን፣ ጥርሴን ሳይቀር ገትሬ ነበር። ዛሬ በዚያው ዳገት ከልጄ ጋር እያወራሁ እወጣለሁ፣ ፍሪሲዮኑ ትዝ አይለኝም።

"በቃ፣ ያው ነው" አሉ። እንደ ገባኝ ላስረዳችሁ። አዲስ እንቅስቃሴ ሲሆን አንጎል የትኛው ጡንቻ መቼ መሥራት እንዳለበት ገና አያውቅም። ስለዚህ ለጥንቃቄ ሁሉንም አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ የሚያጥፈውም የሚዘረጋውም ጡንቻ እኩል ይጎትታሉ። በሳቸው አባባል ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ እንደ መርገጥ ነው። ለዚህ ነው ጀማሪ እንደ እንጨት የሚደርቀው፣ በአሥር ጊዜም ትንፋሹ የሚያልቅበት። ሲደጋገም አንጎል ሰዓቱን ይለየዋል፤ መሥራት የሌለበትን ይለቅቃል፣ የሚሠራውንም በሰዓቱ ብቻ ይጠራል። ብረቷ ያው ናት፣ ድካሙ ግን ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ስለ ነርቭ ምናምን ያወሩትን አልያዝኩትም፣ ይቅርታ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስዊንግ የሚባል ነገር አልነበረም። ለግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ አንድ ጫማ ያህል ርቄ እቆማለሁ፤ ጉልበቴን ትንሽ ብቻ አላላና ግድግዳውን በመቀመጫዬ እነካለሁ። "ቁጢጥ አትበይ። እጅሽ ዘንቢል ይዟል፣ በሩን በመቀመጫሽ ዝጊው" ይሉኛል። ሌላ ትእዛዝ የለም። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ሲጮህብኝ ለነበርኩት ለኔ ይህ ብቻውን እረፍት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያንኑ መታጠፍ ይዤ ብረቷን ከመሬት ማንሳት፣ ከዚያም መወርወር ጀመርን። እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን የወደድኳቸው። እኔ ትንሿን ለመውሰድ ጎንበስ ስል "ተያት" ብለው 12 ኪሎዋን አቀረቡልኝ። ደነገጥኩ። እኔ በ4 ኪሎ የተሰባበርኩ ሴት! ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ትንሿ ብረት ትቀላለች፤ ስለዚህ ክንድ "እኔ እችላለሁ" ይልና ያነሳታል፣ ዳሌ ሥራ ፈት ይሆናል። ከበድ ስትል ክንድ አይችላትም፤ ዳሌ ካልወረወራት አትነሳም። የኔ ትከሻ ይቃጠል የነበረው ለካ በዚህ ነው። (ወዲያው ሮጣችሁ 12 ኪሎ እንዳትገዙ። እኔ ማጠፉን ከያዝኩ በኋላ ነው የሰጡኝ፣ ወገቡ የታመመ ሰውም መጀመሪያ ሐኪም እንዲያየው ያደርጋሉ።)

ከዚያ ፎጣዋ መጣች። የራሳቸውን የፊት ፎጣ በብረቷ ጆሮ ውስጥ አሾልከው ሁለቱን ጫፍ አስያዙኝ። አሁን ወርውሪ አሉ። ክንዴ፣ ፎጣውና ብረቷ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ የወረወራት ዳሌ ነው። በክንዴ ከጎተትኩ ግን ፎጣው ይታጠፍና ብረቷ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትቀራለች። ማንም እንዲጮህብኝ አያስፈልግም፤ ስህተቴን ራሴ አየዋለሁ። ለወትሮው "ጉልበትሽን፣ ወገብሽን" እያልኩ ስለ ሰውነቴ ሳስብ ነበር የምደርቀው። አሁን የማስበው ስለ ፎጣው ብቻ ነው፣ አካሌ ደግሞ የራሱን መንገድ ፈለገ። ስድስቱን አበላሸሁ። ሰባተኛዋ ላይ ፎጣው ተወጠረ፣ ብረቷ ክብደቷ ጠፍቶ ደረቴ ፊት ለአንድ አፍታ ተንሳፈፈች። "አየሻት?" አሉኝ። ብታምኑም ባታምኑም አለቀስኩ። ጋሼም ምንም እንዳላዩ ሆነው መስኮቱን ሊከፍቱ ሄዱ። የተከፈተ መስኮት ነበር።

በአንድ ዙር ከአሥር በላይ አያሠሩም። ሲደክመን አሮጌው ልማድ ይመለሳል፣ እሱን ደግሞ መለማመድ አይገባም ባይ ናቸው። ሰኞ የተበላሸብኝ ረቡዕ ሳልነካው ተሻሽሎ ሳገኘው ገርሞኝ ስጠይቃቸው "ተኝተሽበታል እኮ" አሉኝ። የተለማመድነውን አንጎል እንቅልፍ ላይም ያረጋጋዋል ነው የሚሉት። በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነው ሳላስብ መወርወር የጀመርኩት። አብራኝ የጀመረችው ልጅ በሁለት ሳምንት ያዘችው፣ ይገርማል፣ ቀናሁባት። 16 ኪሎ ሲሰጡኝ ደግሞ እኔ እንደገና እንጨት ሆንኩ፤ ያ ግን አንድ ሳምንትም አልፈጀ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ "አልተፈጠረብህም" የተባላችሁ ሁሉ ሂዱ። ስማቸው እንዲለጠፍ አይወዱም፣ ኢንቦክስ ብታደርጉልኝ ግቢውን አሳያችኋለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ዋጋቸው ካለፈው ጂም በጣም ያነሰ ነው፣ ወር በወር ነው የሚቀበሉት። እባካችሁ ሂዱ። ብቻ ጠንከር ያለ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሳቸውን እኔ ቀድጄዋለሁ።