ሁለት ባትሪ በሲሪየስ ወይስ በፓራለል? አሮጌዋ ላይ አዲስ ለመጨመር ላሰበ ገዢ

የእጅ ባትሪ ድንጋይ የለወጠ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያውቀዋል። ሁለቱ ድንጋዮች የአንዱ አናት የሌላውን ቂጥ እየነካ ይገባሉ፤ 1.5 እና 1.5 ተደምሮ 3 ቮልት ይሆናል። ለመቆጠብ ብሎ አንዱን ብቻ አዲስ ያደረገ ሰው ደግሞ መብራቱ ቶሎ እንደሚፈዝ አይቷል። መንዝ ውስጥ ሶላር ስገጥም በየሳምንቱ የሚቀርብልኝ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ድንጋዩ ብቻ ነው የተለቀው። «አንድ ባትሪ አለችኝ፤ አንድ ልጨምርባትና እንዴት ትታሰር?»

ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እንውሰድ። የአንዷን ፖዘቲቭ ከሌላዋ ኔጋቲቭ ጋር ብናስር ሲሪየስ ነው፤ 24 ቮልት እናገኛለን፣ አምፔር-ሰዓቱ ግን 100 እንዳለ ይቀራል። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ብናስር ፓራለል ነው፤ ቮልቱ 12 እንዳለ ሆኖ አምፔር-ሰዓቱ 200 ይሆናል። ሁለቱንም ብታባዙ 2400 ዋት-ሰዓት ነው። «24 ካደረግከው ሌሊቱን ሙሉ ያበራል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትመኑት። አስተሳሰሩ ባትሪው ውስጥ የሌለ ጉልበት አይጨምርም።

የሚለወጠው በሽቦው ውስጥ የሚሄደው አምፔር ነው። 240 ዋት የሚስብ ዕቃ በ12 ቮልት 20 አምፔር፣ በ24 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል። ባትሪው ከዕቃው 10 ሜትር ቢርቅና በባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ቢሄድ፣ በ12ቱ መንገድ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ ያ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። በ24ቱ የሚጠፋው 0.6 ቮልት ያህል ሲሆን ከ24 ላይ ሲታይ ከቁጥርም አይገባ። ስለዚህ ትልቅ ኢንቨርተርና ረጅም ሽቦ ላለው 24፣ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ 12 ይበቃል። ግን ፓነላችሁን እዩ፦ 36 ሴል ያለው ፓነል የሚሠራው 18 ቮልት አካባቢ ስለሆነ 24 ባትሪ አይሞላም፤ ሁለት ፓነል በሲሪየስ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ባትሪዎቹ እኩል ሲሆኑ ነው። ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ አባት ሦስት ዓመት ያገለገለች ባለ 100 ባትሪ ነበረቻቸው። አዲስ ባለ 100 ገዙና ከባለ 24 ኢንቨርተር ጋር ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ሁለቱን እሰርና 24 አድርግልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አሮጊቷን እንፈትናት» አልኳቸው።

ፈተናው ቀላል ነው። ባትሪዋ በደንብ ትሞላለች፣ ጥቂት ሰዓት ታርፋለች፣ ከዚያ 5 አምፔር ገደማ የሚስብ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ይታሰርባትና ቮልቷ 10.5 እስኪደርስ በሰዓት ይያዛል። ጤነኛ ባለ 100 ባትሪ 20 ሰዓት ያህል መቆየት አለባት። የእሳቸው በ12 ሰዓት አለቀች። 5 በ12 ሲባዛ 60፤ ላይዋ ላይ 100 ቢጻፍም ውስጧ 60 ነው የቀረው። ከፈተናው በኋላ ወዲያው መልሶ መሙላት ነው፤ ባዶዋን ያደረች ባትሪ ትጎዳለች።

አሁን ሁለቱን በሲሪየስ እንሰራቸው። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው አምፔር አንድ ስለሆነ 60 አምፔር-ሰዓት ሲወጣ አሮጊቷ ባዶ ናት፣ አዲሷ ገና 40 አላት። ያ 40 ተቆልፎበት ይቀራል። ያገኘነው 60 በ24፣ ማለትም 1440 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። የባሰው ግን ኢንቨርተሩ ይህን አለማየቱ ነው። ብዙዎቹ 21 ቮልት አካባቢ ይቆርጣሉ፤ እያንዳንዷ 10.5 ላይ ናት ብለው ነው። አዲሷ 12 ላይ ሆና አሮጊቷ 9 ብትወርድም ድምሩ ያው 21 ነው። በቻርጅ ጊዜ ደግሞ ይገለበጣል። አሮጊቷ ቀድማ ትሞላለች፤ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ድምሩን 28.8 ለማድረስ ሲገፋ እሷ 15 ተኩል ትደርስና ትፈላለች፣ አዲሷ 13.3 ላይ ትቀራለች። አንዷ በየቀኑ ውሃዋን ትጨርሳለች፣ ሌላዋ በየቀኑ ሳትጠግብ ታድራለች፤ ሁለቱም ይሞታሉ።

በፓራለል ቢታሰሩስ? ቮልታቸው አንድ ስለሆነ እያንዳንዷ እንደ አቅሟ ታዋጣለች፦ 100 ሲደመር 60፣ በ12 ቮልት 1920 ዋት-ሰዓት ገደማ። ስለዚህ የአቅም ልዩነትን ፓራለል ይችላል። የማይችለው በሽታን ነው። ባለ 12 ባትሪ ውስጧ ስድስት ሴል አለ፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት። አንዱ ሴል ውስጥ ለውስጥ ሾርት ቢያደርግ አርፋ የምታሳየው 10.5 ነው። እንዲህ ያለችን ከጤነኛ ጋር በፓራለል ካሰራችሁ፣ ጤነኛዋ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እሷ ስትፈስ ታድራለች፤ አንድ አምፖል ሳታበሩ ጠዋት ደክማ ታገኟታላችሁ፣ የታመመችውም ስትነኳት ትሞቃለች።

ሲታሰሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዷ 12.7፣ ሌላዋ 11.8 እያሉ ብትነካኳቸው፣ ውስጣቸው ለአምፔር ያለው ተቃውሞ ትንሽ ስለሆነ በመሃላቸው 30 አምፔር ሊሮጥና ቁልፉ ላይ ብልጭ ሊል ይችላል። ሁለቱንም ለየብቻ ሞልቶ ማሰር፣ በየፖዘቲቩ ፊውዝ ማድረግ፣ ወደ ዕቃው የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንደኛዋ፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛዋ ማውጣት ይበቃል። ሁለቱም ገመድ ከአንዷ ከወጣ ቅርቧ ይበልጥ ትደክማለች።

ጉድለቱ የሚደበቅበት ቦታም ይለያያል። በሲሪየስ ጫፍና ጫፉን ብቻ ለክቶ 24.6 ያየ ሰው ደህና ነው ይላል፤ ለየብቻ ሲለካ አንዷ 12.8፣ ሌላዋ 11.8 ልትሆን ትችላለች። እንደታሰሩ መለካት ስለሚቻል ግን ፍለጋው ሁለት ደቂቃ ነው። በፓራለል ቴስተሩ ሁሌም አንድ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ ፈትቶ፣ አሳድሮ፣ ጠዋት መለካት ግድ ነው።

እኛ አገር የማየውን አንድ ጥፋት ልጨምር። 24 ካሰሩ በኋላ ለሬዲዮ ብለው ከታችኛዋ ብቻ 12 ይቀጥላሉ፤ ሾፌሮችም ጭነት መኪና ላይ ያደርጉታል። እኩል የተገዙት ባትሪዎች በዚያ ቀን እኩል መሆናቸው ያበቃል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙ።

ሊትየም የምትገዙ ከሆነ ባለ 12ቷ ውስጥ አራት ባለ 3.2 ቮልት ሴሎች በሲሪየስ ናቸው፤ ውስጧ ያለው ቦርድ በጣም የደከመውን ሴል አይቶ ሁሉንም ይቆርጣል። «ግማሽ ቻርጅ እያላት ጠፋች» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው።

ለ24 የምትገዙ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ ላያቸው ላይ ያለው የምርት ቀን የተቀራረበ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ሱቁ ውስጥ እያላችሁም ሁለቱን በቴስተር አስለኩ። ጄልና አሲድ የሚጨመርባትን በሲሪየስም በፓራለልም አታዳብሉ፤ የሚሞሉበት ቮልት ይለያያል።

ጋሼ ኢንቨርተሩን በባለ 12 ቀየሩት። አዲሷ ብቻዋን ቤቱን ይዛለች፤ አሮጊቷን በትንሽ ፓነል ለበረቱ አምፖል አደረግንላቸው።