የአጥር ዋጋ ማቅረቢያ፦ 390 ሺው ይሻላል ወይስ 447 ሺው?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 50 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ያለው የብሎኬት አጥር ሊያሠሩ ነው እንበል። ሁለት አነስተኛ ተቋራጮች ዋጋ በጽሑፍ ሰጥተዋል። ብሩ ለማሳያ ነው፣ የዛሬውን ገበያ አይነግርም።

የመጀመሪያው ማቴሪያል 300,000፣ የእጅ ዋጋ 90,000፣ በድምሩ 390,000 ብር ይላል። የሚጸናው ለ7 ቀን ነው። ሁለተኛው ማቴሪያል 312,000፣ የእጅ 95,000፣ መጠባበቂያ 10 በመቶ ማለትም 40,700፣ በድምሩ 447,700 ብር። ቫትን ያካትታል፣ ለ30 ቀን ይጸናል።

ዓይን ቶሎ 390 ሺው ላይ ያርፋል። ግን ስለ ቫት ምንም አይልም። ተቋራጩ የቫት ተመዝጋቢ ሆኖ በኋላ 15 በመቶ ልጨምር ካለ ሒሳቡ 448,500 ይገባል። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያጽፉት።

ማቴሪያሉም ላይ ልዩነት አለ። አንደኛው «ብሎኬት፣ እንደሚያስፈልገው» ይላል። ሁለተኛው 1,575 ብሎ ቆጥሯል። አጥሩ 120 ካሬ ነው፤ 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ይገባል፣ ያ 1,500 ነው። ለሚሰበረው 5 በመቶ ሲጨመር ቁጥሩ ልክ ይመጣል። የተቆጠረ ነገር ሲጎድል ይታወቃል።

ዋናው ጣጣ ግን መሬት ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ መረሬ አፈር ብዙ ነው። ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ጠንካራውን መሬት ካልነካ አጥሩ ይተረተራል። አንደኛው «የመሠረት ቁፋሮ» ብቻ ብሎ አልፏል። ሁለተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጽፎ፣ ከዚያ ለሚያልፈው የሜትር ኩብ ዋጋ አስቀምጧል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሠረት 40 ሳንቲ ሜትር ቢጨመርበት 12 ሜትር ኩብ ቁፋሮ፣ በላዩም 12 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ይመጣል። መጠባበቂያው ለዚህ ነው። ይህኛው ተቋራጭ «ባለቤቱ ሳይፈርም አይነካም፣ ያልተነካው አይከፈልም» ብሎ መጻፉን ወድጄዋለሁ። መሬቱ ቶሎ ከጠነከረ ክፍያው 407,000 ላይ ይቆማል።

7 ቀኑን ማጭበርበር አልለውም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ረጅም ቀን መስጠት የሚከብደው ብዙ ነው። የ30 ቀኑም ቢሆን እስከ ፊርማ ድረስ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፊርማ በኋላ ሲሚንቶና ፌሮ ቢጨምር ልዩነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይጠይቁ። በቅድሚያ ክፍያው ወዲያው ተገዝተው ሳይት ከገቡ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ምርጫዬ ሁለተኛው ነው። ገንዘቡ በእጅዎ ካለና ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የሚጠብቅ ሰው ካለዎት ግን፣ ከአንደኛው ጋር በ90,000 የእጅ ዋጋ ብቻ መዋዋል ያዋጣል። ያኔም ቢሆን የመሠረቱን ጥልቀት ውሉ ላይ ያስገቡ።