«የማይግሬን ፎርሙላ» የሚል ብልቃጥ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ አንብቡ

ማግኒዥየም፣ ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2)፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ኮኪው10 የተባለ ንጥረ ነገር እና እንደ ፊቨርፊውና በተርበር ያሉ ሦስት አራት ዓይነት ዕፅዋት አንድ ላይ ተደባልቀው ለማይግሬን የሚሸጡ ብልቃጦች በዝተዋል። አሜሪካ ያለው ዘመድ በሻንጣ ይልካቸዋል፣ አዲስ አበባም በስልክ ታዘው ቤት ድረስ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ለገዢው አያዋጡም። ምክንያቱ ደግሞ ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ ከንቱ ስለሆኑ አይደለም። አንዳንዶቹ በሚገባ ተጠንተዋል። ችግሩ በጥናቱ የተሰጠው መጠንና በብልቃጡ ያለው መጠን የማይገናኙ መሆናቸው ነው።

እንዲህ ያለ ብልቃጥ ጀርባው ላይ ምን እንደሚል በምሳሌ እንየው። ዋጋው 39 ዶላር፣ በውስጡ 60 እንክብል። «በአንድ ጊዜ የሚወሰድ፦ 2 እንክብል» ይላል፤ በዚህ መጠን ሪቦፍላቪን 100 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም 90 ሚሊግራም። ከሥር ደግሞ «ልዩ ቅመር 350 ሚሊግራም» ብሎ የአራት ነገሮችን ስም ይደረድራል፦ ፊቨርፊው፣ በተርበር፣ ኮኪው10፣ ዝንጅብል። እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሪቦፍላቪን ለማይግሬን የተጠናው በቀን 400 ሚሊግራም ነው። እዚያ ለመድረስ ከዚህ ብልቃጥ በቀን 8 እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል። ያ ማለት 60ው እንክብል በስምንተኛው ቀን ያልቃል። ጥናቱ የቆየው ሦስት ወር ስለሆነ ለ90 ቀን 720 እንክብል፣ ማለትም 12 ብልቃጥ ይፈልጋል፤ 468 ዶላር መሆኑ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ እንክብሉን በአራት እጥፍ ስትጨምሩ ያ መጠኑ ያልተገለጸው ቅመርም በአራት እጥፍ ይጨምራል። ከአራቱ አንዱ፣ በተርበር፣ ጉበት የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። እሱን ወደ ታች እንመለስበታለን።

እንደተጻፈው 2 እንክብል ብቻ የሚወስድ ሰውስ? እሱ የሚገዛው ከተጠናው መጠን ሩቡን ነው።

ስለ ሪቦፍላቪን የሚጠቀሰው ዋና ጥናት በ1998 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመውና ቤልጂየማዊው የነርቭ ሐኪም ዦን ሾነን የመሩት ነው። 55 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ 400 ሚሊግራም ሪቦፍላቪን፣ የተቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ወሰዱ። ከሦስት ወር በኋላ ከሪቦፍላቪን ወሳጆች 59 በመቶው ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰላቸው፤ በሌላው ወገን ግን 15 በመቶው ብቻ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን 55 ሰው ጥቂት ነው፤ ለውጡም ጎልቶ የታየው በሦስተኛው ወር ነው። በሁለት ሳምንት ለውጥ ታያላችሁ የሚል ሻጭ ይህን ጥናት አላነበበውም። ለሕፃናት ደግሞ በቀን 200 ሚሊግራም ተሞክሮ ከባዶው እንክብል የተለየ ነገር አልታየም።

ለእነዚህ ድብልቆች በጣም የሚቀርበው ጥናት ደግሞ በ2004 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ሻጮች አያነሱትም። አንደኛው ወገን ሪቦፍላቪን 400፣ ማግኒዥየም 300፣ ፊቨርፊው 100 ሚሊግራም በአንድ ላይ ይወስዳል። ሪቦፍላቪን ሽንትን ደማቅ ቢጫ ስለሚያደርግ ማን ምን እንደወሰደ እንዳይታወቅ ለሌላው ወገን 25 ሚሊግራም ሪቦፍላቪን ብቻ ተሰጠው። በመጨረሻ ሕመማቸው በግማሽ የቀነሰላቸው ሰዎች ከድብልቁ ወሳጆች 42 በመቶ፣ ከ25 ሚሊግራም ወሳጆች 44 በመቶ ሆኑ። ወይ ሁለቱም አይሠሩም፣ ወይ ጥቂቱ ሪቦፍላቪንም የራሱ ጥቅም አለው፤ ጥናቱ ይህን ለይቶ መናገር አይችልም። ግልጽ የሆነው ግን አንድ ነው፦ ሁሉንም ደባልቆ መውሰድ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ለድብልቁ ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

ማግኒዥየም ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1996 ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል። በአንዱ 81 ሰዎች ተሳትፈው፣ በቀን 600 ሚሊግራም የወሰዱት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሕመሙ የሚመጣባቸው ጊዜ በ42 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ባዶውን የወሰዱት በ16 በመቶ ገደማ። በሌላው ጥናት 69 ሰዎች ትንሽ ዝቅ ያለ መጠንና ሌላ ዓይነት የማግኒዥየም ጨው ተጠቅመው ምንም ልዩነት አልታየም፤ በሁለቱም ወገን ለውጥ ያገኙት 10 10 ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ማግኒዥየም ማይግሬንን እንደሚከላከል ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ትክክለኛው አባባል «ሊረዳ ይችላል፣ መሞከር ይቻላል» ነው።

ገዢ በብዛት የሚታለለው የማግኒዥየሙ ቁጥር ላይ ነው። በጥናቱ 600 ሚሊግራም ሲባል የንጹሁ ማግኒዥየም ክብደት ነው እንጂ አብሮት የተጣበቀውን ነገር አይጨምርም። ማግኒዥየም ኦክሳይድ 60 በመቶው ማግኒዥየም ነው፤ ሲትሬት 16 በመቶ ገደማ፣ ግላይሲኔት 14 በመቶ ገደማ። ብልቃጡ ፊት ለፊት በትልቁ «ማግኒዥየም ግላይሲኔት 1000 ሚሊግራም» ቢል በውስጡ ያለው ማግኒዥየም 140 ሚሊግራም ያህል ነው። የፊቱን ተዉትና ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ የአሜሪካ ምርት ከሆነ እዚያ የሚጻፈው የንጹሁ መጠን ነው። አጠገቡ ያለው የመቶኛ ቁጥርም ያግዛል፦ 100 በመቶ ማለት 420 ሚሊግራም ነው። 1000 ተብሎ ጀርባው ላይ 33 በመቶ ከሆነ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው።

ኦክሳይድ በቁጥር ትልቅ ቢመስልም በአንጀት በደንብ አይመጠጥም፤ የቀረው ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል። በ600ው ጥናት ከወሳጆቹ 19 በመቶ ያህሉ ተቅማጥ ይዟቸዋል። በአሜሪካ ለአዋቂ ከሰፕልመንት የሚገኝ ማግኒዥየም ከፍተኛው ወሰን በቀን 350 ሚሊግራም ተብሎ የተቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ መውሰድ ሐኪም ሲያውቅ ብቻ ይሁን። ከምግብ ጋር፣ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ሆድን ያሳርፋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ጨርሶ በራሱ አይጀምር፤ ማግኒዥየሙ ሳይወገድ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ጡንቻን ያዝላል። ለእንቅርት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያቆይ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ደግሞ መድኃኒቱን እስኪጨርስ ማግኒዥየሙን ቢተወው ይሻለዋል፤ አብረው ሲዋጡ ማግኒዥየም አንቲባዮቲኩን ይይዝና እንዳይመጠጥ ያደርገዋል።

ለመሞከር የቆረጠ ሰው ነጠላ የሆነውን ይግዛ። 400 ሚሊግራም ሪቦፍላቪን ብቻ የያዘ እንክብል ለብቻው ይሸጣል፤ በቀን አንድ ነው። እዚህ ፋርማሲ የሚገኘው ተራ ቢ ኮምፕሌክስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ስላለው በእሱ መተካት አይቻልም። ሁለት ነገር በአንድ ቀን አትጀምሩ፤ ቢሻላችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ የታመማችሁባቸውን ቀናት ደብተር ላይ መዝግቡ። ለዚህ የእኛ ወር ይመቻል፤ ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ ወርን ከወር ማወዳደር ቀላል ነው፣ ጳጉሜን ብቻ ዝለሉ። ይህ ምዝገባ የግድ ያስፈልጋል፤ ሰው ሰፕልመንት የሚገዛው ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምንም ባይወስድም ብዙ ጊዜ ቀለል ይልለታል። ባዶ እንክብል የወሰዱትም የተሻላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጾምንም አስቡበት። ሳይበሉ መዋል ማይግሬን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ነው። በዐቢይ ጾም መዝግቦ ከፋሲካ በኋላ የሚያወዳድር ሰው ለውጡን ያመጣው እንክብሉ ይሁን ቁርሱ አያውቅም። በመጀመሪያው ወር 8 የሕመም ቀን ኖሮ በሦስተኛው የሙከራ ወር 4 ከሆነ ቀጥሉ። 7 ከሆነ ያ የተለመደው ከፍ ዝቅ ነው፤ አቁሙ፣ ሌላ ብልቃጥ አትዘዙ።

ደብተራችሁ ላይ የሕመም ማስታገሻ የወሰዳችሁባቸውንም ቀናት ጻፉ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ራስ ምታቱን የሚያባብሰው ራሱ ማስታገሻው ሊሆን ይችላል። ያን ማግኒዥየም አያስተካክለውም፤ ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊንም ለሰፕልመንት ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ቁጥሩ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ በተርበር የሚል ስም ካለበት ብልቃጡን አትግዙት። የሚያሳዝነው፣ ዕፁ በጥናት ጥሩ ውጤት ያሳየ መሆኑ ነው፤ የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ በ2012 ባወጣው መመሪያ ከሁሉም በላይ አስቀምጦት ነበር። ግን ጥሬው ተክል ጉበትን የሚመርዙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ ነገሮች አሉት፣ የጉበት ጉዳትም ሪፖርት ተደርጓል። አካዳሚው በ2015 መመሪያውን ከሥራ ውጭ አድርጎታል። «ከመርዙ የጸዳ» የሚለው ጽሑፍ የአምራቹ ቃል ነው፤ በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ሰፕልመንት አምራች ምርቱ እንደሚሠራ ከመሸጡ በፊት እንዲያስመሰክር አይገደድም። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ደግሞ በተርበርንም ፊቨርፊውንም አትንካ።

ይህን ስታነቡ በተርበር ያለበትን ስትወስዱ የቆያችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ቢሆን ሪቦፍላቪኑ ነው፣ አያስፈራም። ጠቁሮ የሻይ መልክ ከያዘ፣ የዓይናችሁ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ቆዳችሁ ካሳከካችሁ ወይም በቀኝ ጎናችሁ ከጎድን አጥንት ሥር ካመማችሁ ግን ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱና የጉበት ምርመራ ጠይቁ። ቅመሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሐኪሙ የሚያውቀው ብልቃጡን ሲያይ ነው።