የሱቅ ኪራይ ሂሳቤን ላጣራልኝ የፒያሳው ሂሳብ ሠራተኛ ምስጋና

እንዴት ሰነበታችሁ ጎንደሬዎች። ፒያሳ ልብስ ስፌት የነበረኝ ነኝ፣ አሁን ማራኪ ገብቻለሁ። ከአከራዬ ጋር ሳልጣላ እንድለያይ ያደረገኝን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ደስ አይለኝም።

ሱቁን የተከራየሁት የካቲት 16 ቀን 2014 ነው። ኪራዩ በወር 8,000 ብር፣ መያዣ የሁለት ወር 16,000 ብር። ውሉ «ዓመት በሞላ ቁጥር 10 በመቶ ይጨምራል» ይላል። ሰኔ 12 ቀን 2016 ቁልፍ አስረከብኩ። የቀረኝ የሰኔ ኪራይ ብቻ ነበርና ከመያዣው ላይ ተቀንሶ የተረፈው ይመለስልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከአከራዬ አንድ ወረቀት መጣልኝ። ጠቅላላ ኪራይ 258,400፣ የከፈልሽው 235,480፣ መያዣው ሲቀናነስ 6,920 ብር ጨምሪ ይላል። ደነገጥኩ። ቤቱን ሳከብረው ኖሬ ባለዕዳ ሆኜ ልወጣ ነው?

ጎረቤቴ ወደዚህ ልጅ መራችኝ። ለነጋዴዎች መዝገብ የሚይዝ ወጣት ነው። «እትዬ፣ ወረቀቱን እናቆየው፤ መጀመሪያ ውሉንና የባንክ ደረሰኞቹን ይስጡኝ» አለኝ። የአከራዬን ቁጥር ከማረም ይልቅ ከውሉ ተነስቶ የራሱን ሂሳብ ሠራ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ልዩነቱ የት የት እንዳለ ራሱ ወጣ።

መጀመሪያ ሙሉ ያልተቀመጥኩባቸውን ወሮች አየ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ የወሩን ኪራይ ለ30 አካፍሎ በተቀመጡበት ቀን ማባዛት ነው። ከየካቲት 16 እስከ 30 እኔ 14 ቀን ብዬ ነበር። እሱ በጣቱ አስቆጠረኝ፤ 16ኛው ቀንም ስለሚቆጠር 15 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር 4,000 ብር ነው፣ ወረቀቱ ግን ሙሉ 8,000 ጽፏል። ሰኔም እንዲሁ፣ ኪራዩ ሁለቴ ጨምሮ የደረሰበት 9,680 ሙሉውን ተጽፎብኛል። የ12 ቀኑ ግን 3,872 ብር ነው። ጳጉሜንስ ብዬ ጠየቅሁት። ውሉ በወር ስለሆነ ለብቻዋ አትከፈልም፣ በቀን የሚል ውል ቢሆን ግን ትቆጠር ነበር አለኝ።

ትልቁ ስህተት ጭማሪው ላይ ነበር። ወረቀቱ 10 በመቶውን ከመስከረም 2015 ጀምሮ ደምሮታል። ያኔ እኔ ከገባሁ ሰባት ወር እንኳ አልሞላኝም። ዓመቴ የሚሞላው የካቲት 15 ነው። ከመስከረም እስከዚያ አምስት ወር ተኩል አለ፣ በወር 800 ብር ሲባል 4,400 ብር ያላግባብ ገባ። በዓመቱም ያው ተደገመ። 8,800 ወደ 9,680 ያለጊዜው ከፍ አለና ሌላ 4,840 ብር ሆነ።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ማስረጃው ነው። ከደረሰኞቼ መካከል የካቲት 2015 የከፈልኩትን 8,400 ብር አወጣና ፊት ለፊቴ አስቀመጠው። ግማሹ ወር በድሮው 4,000፣ ግማሹ በአዲሱ 4,400። ያን ጊዜ አከራዬ ራሱ አስልቶ የነገረኝ ነበር! ጭማሪው መቼ እንደሚጀምር ሁለታችንም እንደተስማማን ከዚህ የበለጠ ምን ይናገራል።

መጨረሻ ላይ ትክክለኛው ጠቅላላ ኪራይ 239,352 ብር ሆነ። የከፈልኩት ሲቀነስ የቀረብኝ ያው የሰኔ 3,872 ብቻ ነው። እልህ ይዞኝ «ይህንንም አልከፍልም» ብዬ ነበር። «አይሆንም እትዬ፣ የተቀመጡበት ነው» ብሎ መለሰኝ። ከ16,000ው ላይ ሲቀነስ ለእኔ የሚመለሰው 12,128 ብር ነው።

አከራዬ ጋ አብሮኝ ሄደ። ድምፁን ሳያሰማ በአንድ ገጽ አሳየው። ለካስ ወረቀቱን የሠራው የአከራዬ ልጅ ነው። ሌሎቹ ተከራዮች ሁሉ መስከረም 1 የገቡ ስለሆኑ የእነሱን ሠንጠረዥ ገልብጦ ስሜን ብቻ ቀየረበት። አከራዬ ደረሰኙን አይቶ «እውነትሽን ነው ልጄ» አለና በሳምንቱ ብሩን አስገባልኝ።

ሂሳብ ሠራተኛው ሥራውን ከሰዓት በኋላ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረሰው፣ የጠየቀኝም ክፍያ የሚያስከፋ አይደለም። ፈቃዱን ስላልጠየቅሁት ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ውሉንና ደረሰኞቻችሁን በሙሉ ያዙ። በእጅ የከፈላችሁትን ያለ ፊርማ ሊቆጥርላችሁ አይችልም፣ ይህንን አስቀድሞ ይነግራችኋል። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ።