በረሮ በርጭት አጠፋለሁ ለሚል ሰው ከመክፈላችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሁኑ ዳንግላ፣ የመርጫ ታንክ በጀርባው አዝሎ «በረሮ በአንድ ቀን እናጠፋለን፣ የስድስት ወር ዋስትና አለው» የሚል ሰው ደጃችሁን ቢያንኳኳ፣ እባካችሁ እኔ የከፈልኩትን አትክፈሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፣ በየጊዜው 1200 ብር። ከሦስተኛው ርጭት በኋላ ወጥ ቤቴ ከመጀመሪያው የባሰ በረሮ ነበረበት፤ ይባስ ብሎም ወደ ልጆቼ መኝታ ተሻግሮ ነበር። በመጨረሻ የገላገለኝ ጠብታ በጠብታ የሚቀመጥ የበረሮ ጄል ነው።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አራት ተከራዮች በአንድ ግቢ፣ ወጥ ቤታችን ደግሞ ግድግዳ ይጋራል። ሰውዬው ሲመጣ መድኃኒቱን ያመጣው በሃይላንድ ቀድቶ ነበር። ወረቀት የለው፣ ስም የለው። «ወንድሜ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብለው «እህቴ፣ እርስዎ ብቻ ዕቃዎን ያውጡ፣ ቀሪውን ለእኔ ይተዉት» አለኝ። ውኃ ቀላቀለና ወለሉን፣ የግድግዳውን ግርጌና የበሩን ሥር ረጨ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሽታው የማሳ መድኃኒት ሽታ ነበር፤ ገበሬ ቤት ያደገ ሰው አይስተውም። ምግብ የሚበስልበት ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ማስረጨቴ እስካሁን ይቆጨኛል። የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት ወጥ ቤታችሁ አይግባ።

በማግስቱ ጠዋት ወለሉ ላይ የሞተ በረሮ ጠረግኩ፤ ከአርባ ያላነሰ። እኔም ለጎረቤቶቼ «ጎበዝ ሰው ነው» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የሞተው ይታያል፣ ያልሞተው አይታይም። በአራተኛው ሳምንት የጤፍ ጆንያውን ሳነሳ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ትንንሾች ከሥሩ ፈሰሱ። ሰውዬውን ብጠራው «ዋስትናው ለጉልበቴ ነው፣ መድኃኒቱ ይከፈላል» አለ። የመድኃኒቱ ዋጋም ያው 1200 ሆነ።

ርጭቱ ለምን እንዳልሠራ ያስረዳኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ወጥ ቤት የሚወርረው ትንሹ በረሮ የጀርመን በረሮ የሚባለው ነው። ቀላ ያለ ቡናማ፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚያሳልፈው ጀርባውና ሆዱ ሁለቱም በሚነኩበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ወለል ላይ አይውልም። እናቲቱ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች፤ በአንዱ ከረጢት ውስጥ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይኖራል። ከረጢቱ መድኃኒት በቀላሉ አያስገባም። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ የደረሱ ከሆነ እናቲቱ ብትሞትም ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ጆንያው ሥር ያየኋቸው ትንንሾች የመጡት ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ፍሊትም ሆነ ብዙዎቹ የሚረጩ መድኃኒቶች በረሮን ያባርራሉ። ያልነካው በረሮ ሽታውን ሸሽቶ ጠለቅ ወዳለ ስንጥቅ ይገባል፣ ወይም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ተደጋግሞ ሲረጭ ደግሞ መድኃኒቱን የሚችሉት ብቻ ተርፈው ይራባሉ፤ የጀርመን በረሮ በዚህ ጠባዩ በዓለም የታወቀ ነው። ሦስተኛው ርጭት ላይ ጥቂት ብቻ የሞተው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውዬው ግን «መድኃኒቱን አጠንክሬዋለሁ» ብሎ ነበር።

የበረሮ ጄል ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። በረሮ በሚወደው ምግብ ውስጥ የተለወሰ መርዝ ነው፣ በመርፌ መሰል ቱቦ ይመጣል። አያባርርም፣ ይጠራል እንጂ። ከሁሉም በላይ ቶሎ አይገድልም፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። የበላው በረሮ ወደ ጎሬው ተመልሶ እዚያው ይሞታል። ከጎሬው ርቀው የማይወጡት ትንንሾች ደግሞ የትልልቆቹን ኩስና የሞቱትን ሬሳ ይበላሉ፤ መርዙ በዚያ በኩል ይደርሳቸዋል። ርጭት የማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ መድኃኒቱን ተሸክሞ የሚያስገባው በረሮው ራሱ ነው።

ግን ጄልም ቢሆን ቦታውን ካልያዘ ገንዘብ መጣል ነው። በረሮ ለመብላት ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ስለዚህ ጄሉ ጎሬው አፍ ላይ መቀመጥ አለበት። ጎሬውን ለማግኘት ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ መብራት አጥፍቼ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁና በስልኬ ባትሪ ገባሁ። ሲሸሹ ወዴት እንደሚገቡ አየሁ። ቀን ደግሞ ኩሳቸውን ፈለግኩ፤ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተበተነ ይመስላል። የደብረ ማርቆስ ብርድ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ከተማችን ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በረሮዎቹ ሙቀት ያለበትን ብቻ ይዘው ነበር፦ የፍሪጁን ሞተርና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠረጴዛ። ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሰፋ አድርጌ መፈለግ ነበረብኝ።

ጄሉን ከማስቀመጤ በፊት የፍሊቱን ቅሪት በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠብኩ፣ ቅባቱን ጠረግኩና በደንብ አደረቅኩ። ፍሊት በነካው ቦታ ላይ የተቀመጠ ጄል በረሮ አይቀርበውም፤ ጄል ከተቀመጠ በኋላም ፍሊት መንፋት፣ በረኪና ማፍሰስ የለም። ቤታችን ውስጥ ትልቁ ትግል ባለቤቴን «አንድ ስላየህ አትንፋ» ማለት ነበር።

ከዚያ ጠብታ በጠብታ አስቀመጥኩ፣ እያንዳንዱን ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ አድርጌ። አንድ ትልቅ ቁራጭ ከማስቀመጥ ብዙ ትንንሽ ጠብታ ይሻላል፤ ብዙ በረሮ ያገኘዋል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅዬ ከኋላ በታች የሞተሩ ክፍል ጥግ ጥጉ ላይ ስምንት ጠብታ፤ ሞተሩ ላይ ራሱ አይደለም፣ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቀዋል። የላይኛው ካቢኔት በር ማጠፊያዎች ሥር አንድ አንድ። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ አምስት። የምጣዱ ጠረጴዛ ከሥሩ፣ እግሩ ከላዩ ጋር በሚገጥምባቸው ማዕዘኖች፣ ምጣዱ ከሚያግልበት ራቅ ብሎ። ያልጠበቅኩት ቦታ የግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ ነበር፤ አውርጄ ሳየው ኩሳቸው ሞልቶታል። ባጠቃላይ ወደ አርባ ጠብታ ሆነ፣ ከ30 ግራሙ ቱቦ ግማሽ እንኳ አልጨረስኩም። የቱቦው ዋጋ ከአንዱ ርጭት ያነሰ ነበር።

የማይቀመጥበትንም ልንገራችሁ። መሶብ አጠገብ፣ ቡሃቃ ላይ፣ ማንኪያ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ጠረጴዛ ላይ አይደረግም። ትንሿ ልጄ ያገኘችውን ወደ አፏ ስለምትወስድ ጄሉን ጣቷ የማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ነው ያደረግኩት። የሚያስፈራኝ ቦታ ላይ ደግሞ ከፕላስቲክ ክዳን ቆርጬ ጄሉን በቁራጩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ስፈልግ አነሳዋለሁ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብም ግዴታ ነው፣ መጠኑና ጥንቃቄው እዚያ አለ።

መሥራት አለመሥራቱን በዓይን ግምት አላመንኩም። በሦስት ካርቶን ቁራጭ ላይ የአይጥ ሙጫ ቀብቼ ፍሪጁ ሥር፣ ማጠቢያው ሥርና ምጣዱ ሥር አደረግኩ፤ በየሳምንቱ ቆጠርኩ። ጄሉን ከማድረጌ በፊት በአንድ ሌሊት 27 ተያዘ። ከሳምንት በኋላ በአንድ ሌሊት 11፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ 4፤ አራቱም ትንንሾች ነበሩ። እነዚያ ከተረፉ ከረጢቶች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዙር የግድ ነው። የተበላውን ሞላሁ፣ ደርቆ የጠነከረውን ፍቄ በአዲስ ቀየርኩ። በሁለተኛው ወር ሙጫው ላይ ምንም አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን የሚንቀዋለል በረሮ ብታዩ አትደንግጡ፣ የበላው ነው።

ጄሉ ሳይነካ ከቆየ መጀመሪያ የራሳችሁን ማታ ተመልከቱ። ያልታጠበ ድስት፣ የተፈሰሰ ዱቄት፣ ክፍት የቆሻሻ ባልዲ ካለ በረሮው ለምን ወደ ጄሉ ይሄዳል? ያ ሁሉ ጸድቶም ካልበሉት ሌላ ዓይነት ጄል ቀይሩ። በጥናት እንደታወቀው፣ አንዳንድ የጀርመን በረሮዎች ብዙ ማባበያ ውስጥ የሚገባውን ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር ይጠላሉ። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የመርዙ ስም መጻፉን እዩ፤ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ኢንዶክሳካርብ የሚል ታገኛላችሁ። ጊዜው ያላለፈበት፣ ሲጫን እንደ ቅቤ የሚወጣ ይሁን። ተከፍቶ የታሸገ ቱቦ መልሱ። ትልቁ፣ ቀይ፣ ከመጸዳጃና ከቱቦ የሚወጣው በረሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሱ መጀመሪያ የፍሳሽ ማስተላለፊያውን ክፍተት መድፈን ነው፤ የወጥ ቤት ጠብታ ብቻውን አይችለውም።

ግድግዳ የምትጋሩ ደግሞ ብቻችሁን አትጀምሩ። እኛ ግቢ ውስጥ ከአራታችን ሦስታችን በአንድ ቅዳሜ አደረግን፤ አራተኛው ቤት አሁንም ያንን ሰው እያስረጨ ነው። ርጭት በተካሄደ ማግስት በእሱ በኩል ባለው ግድግዳ የኤሌክትሪክ ሽቦ መግቢያ ላይ በረሮ አየሁ። እዚያች ቀዳዳ አፍ ላይ ሁለት ጠብታ አስቀምጬ፣ ሙጫ ያለበትን ካርቶን ከሥሯ አድርጌያለሁ፤ በየቅዳሜው አያታለሁ።