ቢ450 ቶማሆክ ማክስ ከወራት በኋላ፦ ባዮሱን መቼ ተውኩት፣ መቼ ቀየርኩት

ይህን ማዘርቦርድ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ውስጥ እንዳለ ነው። ኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሆክ ማክስ ይባላል፤ አብሮት ራይዘን 5 2600 እና 16 ጊጋ ራም ነበረው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርገው በሱ ነው። ስለ ቦርዱ ባጭሩ፦ ጠንካራ ነው። አራት የራም ማስገቢያ አለው። የሳታ መሰኪያውም ስድስት ስለሆነ የድሮ ሃርድ ዲስኮቼን ሁሉ ችሎልኛል። የኤም ዶት ቱ ማስገቢያው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ዋይፋይም የለውም። ብዙ ያሰበኝ ባዮሱ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም ማለት ነው። ስለዚህ ወደሱ ልሂድ።

ስገዛው `msinfo32` ከፍቼ BIOS Version/Date የሚለውን አየሁ። 3.50 ይላል፣ ዓመቱ ደግሞ 2019። ያየ ሰው ሁሉ "ይሄማ አርጅቷል፣ አድሰው እንጂ" ይለኝ ነበር። አላደስኩትም። እኔ ቁጥሩ ማርጀቱን ሳይሆን አዲሱ ባዮስ የሚያስተካክለው ነገር እኔ ጋ አለ ወይ የሚለውን ነው የማየው። መልሱ የሚገኘው በአምራቹ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ባዮስ ሥር በተጻፉት ጥቂት መስመሮች ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በመጋቢት 2014 አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ማርች 2022፣ ኤኤምዲ ራሱ አንድ ችግር አመነ። ኤፍቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ክፍል ሲበራ አንዳንድ የራይዘን ኮምፒውተሮች አልፎ አልፎ ለአፍታ ቀጥ ይሉ ነበር። መፍትሔው የመጣው በባዮስ ነው፤ AGESA የሚባለው፣ ኤኤምዲ ለቦርድ አምራቾች የሚሰጠው የባዮስ ክፍል፣ 1207 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ማለት ነው። ኮምፒውተራችሁ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ማውሱ ለአፍታ እየደረቀ የሚያስቸግራችሁ ከሆነና ኤፍቲፒኤም ከበራ፣ ያ በቂ ምክንያት ነው። የኔ ግን ኤፍቲፒኤሙ ጠፍቶ ነበር፣ ችግሩም አልታየበትም። "ለማንኛውም" ብዬ የምነካበት ምክንያት አልነበረኝም። በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ!

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ፕሮሰሰር ነው። ራይዘን 5 5600 አገኘሁ። ሶኬቱ ያው ኤኤም4 ነው፣ የኃይል መጠኑም እንደ 2600ው 65 ዋት። ግን 5600 የወጣው በ2022 ስለሆነ የ2019 ባዮስ አያውቀውም። እንደዚያው ቢሰካ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም፤ ቦርዱ ላይ CPU የሚለው ትንሽ መብራት በርቶ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ የተበላሸ ይመስላል፣ ግን ምንም አልሆነም። አምራቹ የሚደገፉ ፕሮሰሰሮችን ዝርዝር ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። እኔም የሄድኩት በዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይምታታችሁ፦ አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተሰካ ባዮሱ ይታደሳል፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የገጠመኝ የፋይል ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ ሕትመት ቤት አለው፤ እሱም ቶማሆክ አለው። ስልክ ደወለ።

"አውርደህ ስትጨርስ በቴሌግራም ላክልኝ፣ እኔም ልጫነው።"

"ያንተ ማክስ ነው?"

"ምን ቸገረኝ፣ MS-7C02 ይላል፣ ያው አይደል?"

ያው አይደለም። ያለ ማክስ የሚሸጠው፣ ማክሱ እና ማክስ 2 ሁሉም ላያቸው ላይ MS-7C02 ነው የሚሉት። ባዮሳቸው ግን ይለያያል። የኔ ፋይል `E7C02AMS` ብሎ ከነጥቡ በኋላ በ3 ይጀምራል። የማክስ 2 በH፣ ማክስ ያልሆነው በ1። የማክሱ ባዮስ ቺፕ ራሱ ትልቅ ነው፣ 32 ሜጋባይት። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ከቦርዱ ላይ አንብቦ የራሱን ገጽ እንዲፈልግ ነገርኩት። ባዮስ ደግሞ በቴሌግራም የሚቀባበሉት ነገር አይደለም።

ቀጥሎ መብራት። ባዮስ ሲጻፍ አሮጌው ይጠፋል፣ አዲሱ በቦታው ይሰፍራል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቺፑ ላይ የሚቀረው ግማሽ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋኑ ይዞራል፣ ምስል ግን የለም። ዩፒኤስ አለኝ ማለት ብቻ አይበቃም። ያገር ሰው ዩፒኤስ አብዛኛው ባትሪው የደከመ ነው፣ መብራት ሲሄድ ጮኾ ወዲያው ይተኛል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ፕሪንተሩን ነቅዬ፣ ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ አስቀርቼ፣ የባዮስ ገጽ ላይ እንዳለ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቀልኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ጽሕፈቱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ በቂ ነው። ባይቆም ኖሮ ባትሪውን እቀይር ነበር።

ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ስትቀይሩ ዊንዶውስ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በአድሚን ተርሚናል እዩና ለጊዜው አቁሙት፦

```
manage-bde -status C:
manage-bde -protectors -disable C: -RebootCount 0
```

ሁሉም ሲያልቅ `manage-bde -protectors -enable C:` ብላችሁ መመለስ አትርሱ።

ከመጀመሬ በፊት የባዮስ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። እድሳቱ ቅንብሩን ሁሉ ስለሚያጠፋ ነው። ፍላሹን በFAT32 ፎርማት አድርጌ ፋይሉን ከዚፑ አውጥቼ ከፎልደር ውጭ አስቀመጥኩ። ጠዋት፣ በDelete ባዮስ ገብቼ M-FLASH የሚለውን የባዮስ ማደሻ መረጥኩ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፣ ፋይሉን መረጥኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ። ከዊንዶውስ ውስጥ የሚያድሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ አልወዳቸውም። ዊንዶውስ መሃል ላይ ቢደርቅ አደጋው እንደ መብራቱ ነው።

ጨርሶ ሲነሳ ስክሪኑ ለተወሰነ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ራሙን እንደ አዲስ እያጠና ነው፣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ገመድ አትንቀሉ።

መብራቱ ቢሄድስ ኖሮ? ይህን ቦርድ የምወድበት ዋናው ነገር እዚህ አለ። ከኋላው Flash BIOS የሚል ቁልፍ አለው። ፋይሉን `MSI.ROM` ብሎ ሰይሞ፣ ፍላሹን ለዚሁ በተመደበው ዩኤስቢ ሰክቶ ቁልፉን መጫን ነው። ፕሮሰሰር እንኳ ባይኖር፣ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጡት ገመዶች ከተሰኩ ይጽፋል። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሲያልቅ ትጠፋለች። ይህ ቁልፍ የሌለው ቦርድ ከሞተ ቺፑን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ቦርድ ቢኖረኝ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ አልነካውም ነበር።

5600ውን ስቀይር ቦርዱ አዲስ ፕሮሰሰር እንዳየ ገልጾ ኤፍቲፒኤሙ ውስጥ የተቀመጠውን ሰርዤ እንደ አዲስ ልጀምረው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ Y ወይም N። አዲሱ ባዮስ ኤፍቲፒኤሙን ራሱ አብርቶት ነበር ማለት ነው። ዲስኬ ስላልተቆለፈ Y አልኩ። የተቆለፈበት ሰው ግን ቁልፉ እጁ ላይ ሳይኖር Y ማለት የለበትም።

ከዚያ በፎቶዎቹ እያየሁ ቅንብሩን መለስኩ። A-XMP ካልበራ 3200 የሆነው ራም በዝግታ ይሠራል። ቨርቹዋል ማሽን የምትጠቀሙ SVM Mode ጠፍቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለኛ ከተማ ደግሞ Restore after AC Power Loss የሚለውን እዩት። እኔ Power Off ላይ ነው የማደርገው፤ መብራት ሄድ መጣ ሲል ኮምፒውተሩ አብሮ እንዳይነሳና እንዳይወድቅ።

ከዚያ ወዲህ የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት በደንብ ፈጥኗል፣ ራሙም በ3200 ሳይንገዳገድ ይሠራል። ሌላ አዲስ ባዮስ ወጥቶ አየሁ። ማስታወሻውን አነበብኩ፣ እኔን የሚመለከት መስመር የለውም፣ ተውኩት። የአክስቴ ልጅ ቦርድ ማክስ ያልሆነው ሆኖ ተገኘ። ፕሮሰሰር የመቀየር ሐሳብ ስለሌለው እሱም እንዳለ ትቶታል። ገንዘቡን ለዩፒኤስ ባትሪ አውሎታል።