እቃው ጎንደር ሳይደርስ የሚያልቀው የመመለሻ ጊዜ

ቴሌግራም ላይ «ከቻይና እናስመጣለን» በሚሉ ሰዎች በኩል እቃ የምታዝዙ ጎንደሬዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ስለ ሌባ አስመጪ አይደለም የማወራው። አስመጪው ጨዋ ሆኖም ብራችሁ የሚቀልጥበት መንገድ አለ።

ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። አዲስ አበባ ባለ አስመጪ በኩል 12 የስልክ ስክሪን አዘዘ። ብሩን ሙሉውን አስቀድሞ ላከ። አስመጪው ከአንድ የቻይና የኦንላይን ገበያ በራሱ አካውንት፣ በራሱ ካርድ፣ በራሱ አድራሻ ገዛለት። እስከዚህ ነውር የለውም፤ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

እቃው የካቲት 3 አዲስ አበባ ገባ። አስመጪው ተረከበና በዚያው ቀን የገበያው መተግበሪያ ላይ «Confirm received» የሚለውን ተጫነ። ለእሱ ይህ የዕለት ሥራ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጭኖ ይገላገላል። ከዚያ ወደ ጎንደር የሚላክ ሌላ እቃ እስኪጠራቀምለት ጠበቀ። የካቲት 11 አውቶቡስ ላይ ጫነው። ልጁ በማግስቱ መናኸሪያ ሄዶ ካርቶኑን ተቀበለ፣ ከፈተ፣ ቆጠረ። 12 ሙሉ ነው። መደርደሪያ ላይ ደረደረው።

የካቲት 17 ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ መጣለት። አዲሱን ገጠመ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ታቹ ግን የላይኛውን ጠርዝ ጨርሶ አይሰማም። ሌላውን ሞከረ፣ ያው። ሁሉንም አንድ በአንድ ሲፈትሽ አምስቱ እንደዚያው ሆኑ። አስመጪው ጋ ደወለ፣ አያነሳም። በማግስቱ አነሳና «አይዞህ፣ ሻጩን አናግረዋለሁ» አለው። ሻጩም ቶሎ መለሰ፦ «ውድ ወዳጄ፣ በጣም ይቅርታ፣ ክስ አትክፈት፣ ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ እንልክልሃለን።»

ያ ቀን የካቲት 18 ነበር። የዚያ ገበያ ደንብ ደግሞ «ተረክቤያለሁ» ከተባለበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ብቻ ይሰጣል። ከ3 ተነስታችሁ ቁጠሩ። ሻጩ ለምን ሁለት ቀን እንደጠየቀ ይገባችኋል። የካቲት 21 አስመጪው ገጹን ሲከፍት ገንዘብ ይመለስ የሚባልበት ቁልፍ የለም። ሻጩም ዝም አለ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ገበያው ጎንደር የሚባል ከተማ ውስጥ እቃውን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው የአካውንቱን ባለቤት ነው። ሰዓቱ የሚጀምረው ባለአካውንቱ «ተቀበልኩ» ሲል ነው፤ ዝም ቢልም ትራኪንጉ «ደርሷል» ካለ በኋላ ጥቂት ቀን ጠብቆ ገበያው ራሱ ትዕዛዙን ይዘጋዋል። እናንተ ካርቶኑን የከፈታችሁበት ቀን ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ልጁ ከ15 ቀኑ ዘጠኙን ያጣው እቃው አዲስ አበባና መንገድ ላይ ሳለ ነው። የቀሩትን ደግሞ መደርደሪያው በላቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቻት ነው። ከሻጭ ጋር መጻጻፍ ሰዓቱን አያቆመውም። መቶ መልእክት ብትለዋወጡ፣ ሻጩ «አምናለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ቢጽፍላችሁ እንኳ ቆጠራው ይቀጥላል። ከቀነ ገደቡ በፊት መከፈት ያለበት ትዕዛዙ ገጽ ላይ ያለው መደበኛው የክስ ቅጽ ነው፤ ዲስፒውት የሚሉት። ከተከፈተም በኋላ ሻጩ «ዝጋውና ብሩን በሌላ መንገድ ልላክልህ» ይላል። ይህን የሚል ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን እየቆጠረ ነው። ብሩ እጅ ሳይገባ ክስ አይዘጋም፤ አለቀ።

ቀኑ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ኢቤይ ላይ በአብዛኛው እቃው ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። በፔይፓል የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ለመክፈት 180 ቀን አለ። ሰው ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። ግን ቅሬታው ከተከፈተ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል ራሱ ወደሚዳኝበት ደረጃ፣ «claim» ወደሚሉት፣ ካልተሸጋገረ በራሱ ይዘጋል፣ ተመልሶም አይከፈትም። ሻጩ 20 ቀን በጥሩ ቃል ካቆያችሁ 180ው ምንም አይጠቅማችሁም።

ጊዜው ካለፈ አንድ ጠባብ በር ይቀራል። የተከፈለው በካርድ ከሆነ የካርዱ ባለቤት ባንኩን ክፍያው እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል። በቪዛ ካርድ ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ገደማ አለ። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን አስመጪው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ገበያው አካውንቱን ሊዘጋበት ስለሚችልም ለአምስት ስክሪን ብሎ እጁን አያስገባም። ልጁም ጠይቆት ነበር፤ «አካውንቴን ልታዘጋኝ ነው እንዴ?» አለው። እውነቱን ለመናገር፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ስለዚህ ድርድሩ መሆን ያለበት ብር ከመላኩ በፊት ነው። አስመጪው እቃው አዲስ አበባ እንደገባ የትዕዛዙን ገጽ ስክሪንሾት ይላክላችሁ፤ የመጨረሻው ቀን እዚያ ላይ ይታያል። ያንን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት፣ ግን ሦስት ቀን ቀደም አድርጋችሁ። በገጹ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስላልሆነ በመጨረሻው ቀን መሯሯጥ አያዋጣም። እቃው ሳይጠራቀም ወዲያው እንዲጫን ለብቻው የጭነት ሒሳብ ብትጨምሩ ይሻላል፤ ከአምስት ስክሪን አይበልጥም።

ካርቶኑን ስትከፍቱ ስልክ ይቅረጽ። ቪዲዮው ከታሸገው ካርቶን ይጀምር፣ የትራኪንግ ቁጥሩ ይታይ፣ ሳይቆራረጥ እቃው እስኪሞከር ይሂድ። ስክሪን ከሆነ የላይኛውን ፕላስቲክ ሳትልጡ፣ ሳታጣብቁ፣ ፍሌክሱን ብቻ ሰክታችሁ ጣታችሁን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አስኪዱ። ፕላስቲኩ ከተላጠ ብዙ ሻጭ «ተጠቅመህበታል» ብሎ ይከራከራል። ሁሉም በደረሰበት ቀን ይፈተሽ፤ ደንበኛ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ለአስመጪው የሚላከውንም ጽፌዋለሁ፣ እንዳለ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦

«ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬ እሺ እስክልህ ድረስ ተረክቤያለሁ የሚለውን እንዳትጫን። እቃው እንደገባልህ የመጨረሻው ቀን የሚታይበትን ስክሪንሾት ላክልኝ። የተበላሸ ካለ ቪዲዮ እልክልሃለሁ፣ በዚያው ቀን ክስ ትከፍትልኛለህ፤ ሻጩ ዝጋ ቢልህ ብሩ ሳይመለስ አትዘጋም። በዚህ ከተስማማህ ብሩን ዛሬ አስገባለሁ።»

እሺ ካላለ ሌላ አስመጪ ፈልጉ።